3፣ 6፣ 1፦ የአክስቴ ብሮሸር የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

አክስቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስድስት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አላት። ዛሬ ቡና እየጠጣን ሳለ ከቦርሳዋ አንድ ብሮሸር አወጣች። አዲስ አበባ ሄዳ ካረፈችበት ሆቴል ያመጣችው ነው። ለሦስት የታጠፈ፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት። "እንዲህ ያለ ነገር ሥራልኝ" አለችኝ። "ኮምፒውተር ላይ ስትውል አይደል የማይህ?"

እሺ አልኩ። አንድ ኤ4 ወረቀት ለሦስት ማጠፍ ምን ችግር አለው ብዬ።

ማታ ቤት ገብቼ Word ከፈትኩ። ወረቀቱን አጋደምኩና በሦስት እኩል ዓምድ ከፈልኩት። በመጀመሪያው ዓምድ የማረፊያውን ስምና ፎቶ፣ በሁለተኛው ስለ ክፍሎቹ፣ በሦስተኛው ስለ ቁርሱ ጻፍኩ። የቀረውን ሁሉ ወደ ሁለተኛው ገጽ አሳለፍኩ። እንቅልፌ ሳይመጣ አለቀ። ይህ ነው እንዴ ሥራ የሚባለው አልኩ።

እሑድ ጠዋት

አትሜ አጠፍኩት። ሽፋኑ ላይ የቁርስ ዝርዝር ወጣ። የማረፊያው ስምና ፎቶው ደግሞ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ጀርባው ላይ ክፍሎቹ።

አገላበጥኩት። ስሙ ከላይ እንዲሆን በሌላ በኩል አጠፍኩት። አሁን ስሙ ፊት ለፊት ወጣ፤ ብሮሸሩ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ሳይሆን በተቃራኒው የሚከፈት ሆነ። እንደ ዐረብኛ ኪታብ። አክስቴ በልጅነቷ ቁርኣን የቀራች ናትና ምንም አልከበዳትም። "ምን አለው? ያምራል" አለች። እንግዳው ግን አማርኛ የሚያነብ ነው። እጁ የሚሄደው የቀኙን ጠርዝ ይዞ ወደ ግራ ለመክፈት ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ የሚከፈት ነገር ካላገኘ ያገላብጠዋል፤ ጀርባውን ሽፋን ነው ብሎ ያነባል።

ስህተቴ የት እንደሆነ ገባኝ። እኔ ያሰብኩት ወረቀቱ ተዘርግቶ በሚታይበት ቅደም ተከተል ነው። አንባቢ ግን ተዘርግቶ አያገኘውም።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ባዶ ወረቀት ወስጄ፣ አክስቴ ያመጣችው ብሮሸር እንደታጠፈው አጠፍኩ። ወረቀቱ አግድም ሆኖ የቀኙ ሲሶ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የግራው ሲሶ በላዩ ይዘጋበታል። እንደታጠፈ እያለ በእርሳስ ቁጥር ጻፍኩ፤ ዐይኔ በሚያገኘው ቅደም ተከተል ብቻ። ሽፋኑ 1። ሽፋኑን ስከፍት በግራ የሚታየው 2፣ በቀኝ የሚታየው 3። 3ን ወደ ቀኝ ስገልጠው ከሥሩ መሀሉ 4፣ ቀኙ 5። ሁሉንም ዘግቼ ስገለብጠው ጀርባው 6።

ከዚያ ዘረጋሁት። በውጭው ፊት ከግራ ወደ ቀኝ የተጻፈው 3፣ 6፣ 1 ነው። በውስጡ 2፣ 4፣ 5።

ይህን ወረቀት ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። 3፣ 6፣ 1። የስልክ ቁጥር ይመስላል።

እሑድ ማታ

ጽሑፉን በአዲሱ ቁጥር መልሼ አከፋፈልኩ። 1 ስምና ፎቶ። 2 ክፍሎቹ። 4 እና 5 ከደሴ ወጣ ብሎ የሚታየው፦ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ፣ መንገዱ። 6 ስልክና አድራሻ። የቀረው 3 ነው፤ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው። ከእንግዲህ "ክንፍ" እለዋለሁ።

ክንፉ ላይ ምን ላድርግ? ሽፋኑ ሲከፈት 2 እና ክንፉ ጎን ለጎን እንደ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ይታያሉ። የክፍሎቹ ዝርዝር ረዘም ስላለብኝ ከ2 ጀምሮ ክንፉ ላይ እንዲያልቅ አደረግኩ። ባለ አንድ አልጋና ባለ ሁለት አልጋ ክፍል በ2 ላይ፣ የቤተሰቡ ክፍል በክንፉ ላይ። ጥሩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ

አትሜ ለአክስቴ ወሰድኩላት። ሽፋኑን ከፈተች፣ ክንፉንም በአንድ እጅ አብራ ገለጠችው። "ወላሂ አሪፍ ነው!" አለች። ትንሽ ቆይታ ግን "የቤተሰቡ ክፍል የት ሄደ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ክንፉ ሲገለጥ ክንፉ ላይ ያለው ነገር ከዐይን ይጠፋል፤ ወደ ጀርባ ይዞራል። በቦታው 4 ይመጣል። የክፍሎቹ ዝርዝር ከሁለተኛው ክፍል ቀጥሎ በድንገት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ገባ።

የዚህ ሥራ ዋናው ቋጠሮ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ገጽ 2 ሁለት ጎረቤት አለው። በግማሽ ሲከፈት ጎረቤቱ ክንፉ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 4። ከሁለቱም ጋር መስማማት አለበት። ስለዚህ በ2 ላይ የተጀመረ ነገር በ2 ላይ ማለቅ አለበት። ሐሳቡ፣ ዝርዝሩ፣ ሰንጠረዡ፣ ሁሉም።

ክንፉ ደግሞ የባሰ ነው። ሰው እንዴት እንደሚከፍተው ለማየት ቡና ለመጠጣት ለመጡ አምስት ጎረቤቶች ሰጠሁ፤ ምንም ሳልናገር። ሁለቱ ሽፋኑን ከፈቱ፣ ክንፉን አነበቡ፣ ከዚያ ገለጡት። ሦስቱ እንደ አክስቴ በአንድ ጊዜ ዘረገፉት። ለእነዚህ ክንፉ የለም ማለት ይቻላል። ከጨረሱ በኋላ ሲያጥፉት ምናልባት ያገኙት ይሆናል።

እንግዲህ ክንፉ ላይ ለሚቀመጠው ነገር ሁለት ፈተና አለ። ብቻውን ትርጉም ይሰጣል? ባይነበብ ደግሞ ሌላው ይጎድላል? የመጀመሪያው መልስ አዎ፣ የሁለተኛው አይ ከሆነ ለክንፍ ይሆናል።

አክስቴን "እንግዳ ስልክ ሲደውል ምን ይጠይቃል?" አልኳት። "ሙቅ ውሃ አለ ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ፣ መኪና የት ይቆማል፣ በር ስንት ሰዓት ይዘጋል" አለች። አራት አጭር ጥያቄ፣ አራት አጭር መልስ። ክንፉን አገኘሁት። በግማሽ ሲከፈት በግራ ክፍሎቹ፣ በቀኝ ስለ ክፍሎቹ የሚጠየቀው። ባይነበብም ክፍሎቹ ሙሉ ናቸው።

የቤተሰቡ ክፍል ወደ 2 ተመለሰ። ቦታ እንዲበቃው ስለ መጋረጃውና ስለ ምንጣፉ የተጻፈው ወጣ። አክስቴ ስለ ምንጣፉ እስካሁን አልረሳችልኝም።

ዋጋውን ደግሞ የት እንጻፍ ብለን ተከራከርን። እሷ ሽፋኑ ላይ ትፈልጋለች። እኔ በማተሚያ ቀለም አንጻፈው አልኩ፤ ዋጋ በየወሩ ሲቀየር 200 ብሮሸር ልንጥል ነው። በገጽ 6 ላይ ሦስት ባዶ መስመር ተውኩ። በእስክሪብቶ ትሞላዋለች። በዚህ ምክንያት የሚያብለጨልጨው ወረቀት ቀረ፤ እስክሪብቶ ሲነካው ይዝረከረካል።

ማክሰኞ

ዛሬ ስለ ስፋት ነው።

ኤ4 ሲጋደም 297 ሚሊ ሜትር ነው። ለሦስት ሲካፈል 99። ሁሉንም 99 አድርጌ የታጠፈው ናሙና ሊዘጋ እምቢ አለ። ክንፉ የውስጡን መታጠፊያ እየገፋ መሀሉ ላይ ጉብ ይላል። በጣት ስጫነው ክንፉ ጫፉ ላይ ተጨማደደ። ወረቀት ውፍረት አለው፤ መታጠፊያውም ክብ ነው እንጂ ሹል አይደለም። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚገባው ከሌሎቹ ማነስ አለበት። ክንፉን 97፣ ሁለቱን 100፣ 100 አደረግኩ። ድምሩ 297።

ይህ ሲሆን ውጭውና ውስጡ አንድ ዓይነት አይከፈሉም። በውጭው በኩል ክንፉ በግራ ነው፤ ከግራ 97፣ 100፣ 100። በውስጡ በኩል የክንፉ ጀርባ ገጽ 5 ስለሆነ በቀኝ ነው፤ ከግራ 100፣ 100፣ 97። መታጠፊያዎቹ በውጭው 97 እና 197 ላይ፣ በውስጡ 100 እና 200 ላይ ይውላሉ። ልክ መሆኑን ለማየት 297 ላይ 97 ቀንስ፣ 200 ይመጣል። 197 ቀንስ፣ 100 ይመጣል። ፊትና ጀርባው ይገጥማሉ።

በ Word ውስጥ ይህን ማድረግ ይቻላል። በ Layout ሥር Columns፣ ከዚያ More Columns። "Equal column width" የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ግራና ቀኝ 8 ሚሊ ባዶ ቦታ ፈለግኩ። ስለዚህ በመታጠፊያው ላይ በሁለቱም በኩል 8፣ 8 ሲደመር 16 ክፍተት። የጽሑፉ ስፋት ለ100ው 84፣ ለ97ቱ 81። የውስጡ ስሌት እንዲህ ነው፦

```
8 + 84 + 16 + 84 + 16 + 81 + 8 = 297
```

የውጭው ተገልብጦ ከ81 ይጀምራል። ሁለቱ ገጾች የተለያየ ዓምድ እንዲኖራቸው በመሀላቸው Section Break (Next Page) ያስፈልጋል። ያንን ረስቼ አንዱን ባስተካከልኩ ቁጥር ሌላው ሲበላሽብኝ ነበር።

Word ሌላም ተንኮል አለው። ጽሑፍ ከዓምድ ወደ ዓምድ ይፈሳል፤ ከግራ ወደ ቀኝ። በውጭው ገጽ ላይ ይህ ማለት ከክንፉ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ ሽፋኑ ማለት ነው። ክንፉ ላይ አንድ መልስ ሳስረዝም አድራሻው ተገፍቶ ሽፋኑ ላይ ወጣ። በየዓምዱ መጨረሻ Ctrl+Shift+Enter መታሁ፤ የዓምድ መቁረጫ ነው። ገጹ እስካልሞላ ድረስ ይይዛል። ሞልቶ ከፈሰሰ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ሽፋኑንና ጀርባውን በጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው። አይነቃነቁም።

ጽሑፉን በሁለቱም ጠርዝ ማስተካከሉንም ተውኩት። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ በ84 ሚሊ ዓምድ አንድ መስመር ላይ አራት ቃል ሲገባ በመሀሉ ጎተራ የሚያህል ክፍተት ይፈጠራል። በግራ ብቻ ይስተካከል።

ረቡዕ

የማተም ቀን። አንድ ጓደኛዬ ቢሮ ፊትና ጀርባ የሚያትም ፕሪንተር አለ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ፈቀዱልኝ።

የመጀመሪያው ቅጂ ላይ ውስጡ ተዘቅዝቆ ወጣ። ሽፋኑ ቀጥ ብሏል፣ ስከፍተው ሐይቅ በጭንቅላቱ ቆሟል። ለቁም ገጽ ሰነድ የለመድነው ወረቀቱ በረጅሙ ጠርዝ እንዲገለበጥ ነው። የተጋደመ ወረቀት ግን በአጭሩ ጠርዝ፣ ማለትም በ210ሩ በኩል፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል መገለበጥ አለበት። በ Adobe Reader ማተሚያ መስኮት ላይ "Flip on short edge" የሚለውን መረጥኩ። ተስተካከለ።

ፊትና ጀርባ በራሱ የማያትም ፕሪንተር ላለው ሰው፣ መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ጥግ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ አንድ ገጽ ማተም ነው። ምልክቱ የት ሄደ? እሱ ወረቀቱን እንዴት መልሶ እንደሚያስገባ ይነግረዋል። ፕሪንተር ሁሉ የየራሱ ዐመል አለው።

ሁለተኛው ቅጂ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ግን ሳጥፈው ጽሑፉ ወደ መታጠፊያው ተጠግቷል። ለሙከራ በመታጠፊያዎቹ ላይ ቀጭን መስመር አስምሬ ነበርና በማስመሪያ ለካሁ። 97 ላይ መሆን የነበረበት 99 ላይ ነው። 197 ላይ መሆን የነበረበት 195 ላይ። ሁለቱም ወደ መሀል ተጠግተዋል። ይህን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አንዱ ብቻ ቢንቀሳቀስ የእኔ ስሌት ስህተት ነበር። ሁለቱም እኩል ወደ ግራ ወይም እኩል ወደ ቀኝ ቢሄዱ ፕሪንተሩ ወረቀቱን አንሸራቶታል ማለት ነው። ወደ መሀል ሲሰበሰቡ ግን ገጹ ተጨምቋል። ማተሚያው መስኮት ላይ "Fit" ተመርጦ ነበር፤ ወደ 96 በመቶ አሳንሶታል። "Actual size" አደረግኩ። 99 ላይ የነበረው ወደ 97 ተመለሰ።

ሦስተኛውን ቅጂ መስኮት ላይ አስደግፌ ፀሐይ አሳየሁት። የፊቱና የጀርባው መስመር በ1 ሚሊ ያህል ይለያያል። ከቢሮ ፕሪንተር ከዚህ የተሻለ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከዚህ የተማርኩት ግን የቀለም ድንበርን ልክ መታጠፊያው ላይ አለማሳረፍ ነው። ሽፋኔ አረንጓዴ፣ ጀርባው ነጭ ነበር፤ ድንበሩ 197 ላይ። ወረቀቱ በ1 ሚሊ ሲያፈነግጥ ሽፋኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ፈትል የመሰለ መስመር ወጣ። አረንጓዴውን 2 ሚሊ ወደ ጀርባው አሳለፍኩት። አሁን ቢያፈነግጥም ጀርባው ጠርዝ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ይታያል፤ ታስቦበት የተደረገ ይመስላል።

ሐሙስ

ገጽ 4 እና 5 ላይ ስለ መንገዱ የተጻፈው ድርቅ ያለ ሆነብኝ። ለምን አንድ ረጅም ሥዕል አላደርገውም አልኩ። ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴ ገብቶ፣ ሐይቅ የሚደርስ መንገድ፤ ከ2 እስከ 5 በሦስቱም ገጽ ግርጌ የሚዘረጋ። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ብቻ የሚታይ ነገር ማለት ነው። ክንፉን ለሚገልጥ ሰው ስጦታ ነው።

ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ ሐይቅ ወደ 30 ኪሎ ሜትር አድርጌ ያዝኩት። ኮምቦልቻን ከግራ ጠርዝ 28 ሚሊ ላይ፣ ሐይቅን 268 ላይ አስቀመጥኩ። በመሀላቸው 240 ሚሊ ለ55 ኪሎ ሜትር። ደሴ 137 ላይ ይወድቃል፤ ገጽ 4 ውስጥ፣ ከመታጠፊያው በደንብ የራቀ። አልሃምዱሊላህ። ሐረጎ ግን ልክ 100 ላይ ወደቀ። መታጠፊያው "ሐረ" እና "ጎ" ብሎ ለሁለት ከፈለው።

መታጠፊያ ላይ መስመር ቢያልፍ አይጎዳም። መንገዱ፣ ተራራው፣ ሰማዩ ይለፍ። ፊደልና የሰው ፊት ግን አያልፍም። ቀለሙ እዚያ ጋ ይሰነጠቃል፤ ደግሞ በግማሽ ሲከፈት ግማሹ ቃል ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ የሐረጎን ጠመዝማዛ ባለበት ተውኩት፣ ስሙን ብቻ ወደ ግራ ስቤ በ70 እና በ92 መሀል አሳረፍኩት። ቦታውን ሳይሆን ጽሑፉን ማንቀሳቀስ ነው።

ነገር ግን ሌላ ችግር መጣ። ሥዕሉ ከ2 ስለሚጀምር በግማሽ ሲከፈት ኮምቦልቻ በግራ ይታያል፣ መንገዱ ሐረጎን እየወጣ ክንፉ ጠርዝ ላይ ይቆረጣል። የሰኞው ስህተት በሌላ ልብስ። መጀመሪያ ልሰርዘው ነበር። ቆይ ብዬ ሳየው ግን የተቆረጠ መንገድ እንደ ተቆረጠ ዝርዝር አይደለም። ዝርዝር ሲቆረጥ አንባቢ ሁሉንም ያየ ይመስለዋል። መንገድ ሲቆረጥ ወዴት ይሄዳል ብሎ ክንፉን ይገልጣል። ተውኩት። ክንፉን ሳይገልጡ የሚያነቡት ሁለቱ ጎረቤቶቼም ይህኛውን ሲያዩ ወዲያው ገለጡት።

ሌላ ትንሽ ነገር። ክንፉ 97 ስለሆነ በግማሽ ሲከፈት ከሥሩ የገጽ 4 ጠርዝ 3 ሚሊ ያህል ብቅ ይላል። ለ4 ቢጫ መደብ ሰጥቼው ነበርና በ2 እና በክንፉ መሀል አንድ ቢጫ ፈትል ቆመ። የ4ን መደብ ነጭ አደረግኩት።

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ሥዕሉን አይቶ "ሰሜኑ የት አለ? መንገዱን ለምን አጋደምከው?" አለኝ። ልክ ነው፤ ደሴና ሐይቅ ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን ናቸው። ሰሜን ወደ ቀኝ መሆኑን የሚያሳይ ቀስት ጨመርኩ። ካርታ አይደለም፣ ንድፍ ነው። ልጁ ግን አልተዋጠለትም።

ዓርብ

ማተሚያ ቤት። የ Word ፋይሉን እንዳለ ስወስደው በእነሱ ኮምፒውተር ላይ የሽፋኑ ርዕስ ወደ ላቲን ፊደል ትርምስ ተለወጠ። ርዕሱን በአሮጌ የግዕዝ ፎንት ጽፌው ነበር። ቤት ተመልሼ ሁሉንም በ PDF አስቀመጥኩ፤ ፎንቱን ውስጡ ይዞ ይሄዳል። ጠዋቴ እንዲህ አለቀ።

አረንጓዴው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ እንዲደርስ ስለፈለግኩ፣ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ አሳልፌ አዘጋጀሁት። ሰፋ ባለ ወረቀት ታትሞ ይቆረጣል። የቢሮ ፕሪንተር ጠርዝ ድረስ አያትምም።

ወረቀቱን ከሚያትመው ልጅ ጋር መረጥን። ባለ 80 ግራም ስስ ነው፤ የጀርባው ጽሑፍ ያሳልፋል። 200 ግራም ሲታጠፍ አረንጓዴው ቀለም ተሰነጠቀና ነጩ ወጣ። ለዚያ መጀመሪያ በማሽን መስመር ማስያዝ ያስፈልጋል፤ እነሱ ጋ ማሽኑ የለም። 130 ግራም፣ የማያብለጨልጭ፣ ተስማማን።

ልጁ ግን አንድ የማላውቀውን ነገር አሳየኝ። ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው። በአቅጣጫው ሲታጠፍ ንጹሕ መስመር ይወጣል፤ በተቃራኒው ሲታጠፍ ይሸራረፋል። የተለመደው ኤ4 አቅጣጫው በአብዛኛው በረጅሙ ጎን ነው። የእኛ መታጠፊያ ግን በአጭሩ ጎን ትይዩ ነው፤ ማለትም አቅጣጫውን ይሻገራል። መፍትሔው ሁለት ብሮሸር በአንድ ትልቅ ወረቀት ጎን ለጎን ማተም ነው። አቅጣጫው በረጅሙ ጎን የሆነ ኤ3 መሀል ለመሀል ሲቆረጥ፣ የሚወጣው ኤ4 አቅጣጫው በአጭሩ ጎን ይሆናል። ሁለቱንም አጥፎ አሳየኝ። በ130 ግራም እንኳን ልዩነቱ በጥፍር ይታወቃል። የእኛ ወረቀት ጠርዙ ስለሚቆረጥ ከኤ3 ትንሽ ሰፋ ያለ ነው፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ቅዳሜ

200 ብሮሸር ሳይታጠፍ መጣ። የማጠፊያ ማሽን ስለሌላቸው በእጅ ነው። አክስቴ፣ ሁለቱ ልጆቿና እኔ ጠረጴዛ ከበብን።

ለሁሉም አንድ መመሪያ ሰጠሁ። መንገዱ ወደ አንተ ይይ፤ ሐይቅ ያለበትን መጀመሪያ እጠፍ፤ ኮምቦልቻ ያለበትን በላዩ ዝጋ። "ቀኝ" እና "ግራ" ብል ትርምስ ይሆን ነበር፤ ወረቀቱን ገልብጦ የያዘ ሰው ቀኙ ግራ ነው። ሐይቅ ግን ሁልጊዜ ሐይቅ ነው። መጀመሪያ በእጅ ማገጣጠም፣ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ መስመሩን አንዴ መጫን። ክንፉ ሲገባ ጫፉ ከመታጠፊያው 2 ወይም 3 ሚሊ መቅረት አለበት።

ትንሹ ልጅ ደክሞት ይሁን ቸኩሎ ኮምቦልቻን መጀመሪያ ማጠፍ ጀመረ። የትኞቹን እንዳጠፈ ሳይነግሩኝ አወቅኩ። በትክክል የታጠፈው ከላይ ሲታይ ጠርዙ ደፍኗል። የተሳሳተው ላይ ግን ክንፉ ከላይ ሆኖ 3 ሚሊ ያጥርና ከሥሩ ያለው ይወጣል። የ97ቱ ሌላ ጥቅም ይኸው። ክምሩን ከጎኑ ሳየው የወጡት እንደ ጥርስ ይታያሉ። 14 ነበሩ። መልሰን አጠፍናቸው፤ አሮጌው መስመር ግን ትንሽ ይታያል። አክስቴ "አብሽር፣ እነዚህን ለዘመድ እሰጣቸዋለሁ" አለችው።

እሑድ

ጠዋት ሄድኩ። አክስቴ ብሮሸሮቹን መግቢያው ጠረጴዛ ላይ፣ የሶፍት ማስቀመጫ በነበረው ረጅም ኩባያ ውስጥ አቁማቸዋለች። ያምራሉ። ፎቶው፣ የጦሳ ተራራ፣ ትንሽ ሰማይ ይታያል።

የማረፊያው ስም አይታይም። ሽፋኑ ላይ ስሙን ከፎቶው ሥር፣ ከግማሽ በታች ነው ያደረግኩት። ኩባያው ውጦታል። የሚታየው የላይኛው ሲሶ ብቻ ነው፤ ማለትም ከ210 ሚሊ 70 ያህሉ።

ለሚቀጥለው እትም ገጽ 1 ላይ፦ ስሙ ከላይኛው ጠርዝ በ60 ሚሊ ውስጥ፣ ተራራው ከሥሩ። ለአሁኑ አክስቴ አጠር ያለ ኩባያ ልትፈልግ ወደ ጓዳ ገባች።